ማስወጫውን ማርዘም

እህቶቼ፣ በረመዳን የሱሁር ዕቃ አጥበን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጋደም ስንል እንቅልፍ እምቢ ይላል። ሰውነት ደክሟል፣ ልብ ግን ገና ማዳም የምትጠራን ይመስል ይመታል።

አየር ስናስገባ ልባችን ትንሽ ይፈጥናል፣ ስናስወጣ ይዘገያል። ከአንጎል ወደ ልብ የሚወርድ ቬገስ የሚባል ነርቭ አለ። ልብን የሚያቀዘቅዘው እሱ ነው፣ የሚበረታውም ስናስወጣ ነው። ስለዚህ ማስወጫውን እናረዝማለን።

ተጋድማችሁ አንድ እጅ ሆዳችሁ ላይ አድርጉ። በአፍንጫ፣ እስከ 4 እየቆጠራችሁ አስገቡ፤ ሆድ ይነሳ እንጂ ትከሻ አይነሳ። ከዚያ ሳትይዙት እስከ 6 እየቆጠራችሁ ቀስ አድርጋችሁ አስወጡ። አንዱ ዙር 10 ሰከንድ ያህል ነው፣ በደቂቃ 6 ትንፋሽ ማለት ነው። 5 ወይ 10 ደቂቃ ቀጥሉ።

ራሳችሁ ከዞረ ወይም ጣታችሁ ከደነዘዘ አየር አብዝታችኋል ማለት ነው። ፍጥነቱ እንደዘገየ ይቆይ፣ የምትስቡትን ብቻ አሳንሱ። 6 ከከበዳችሁ 3 አስገብታችሁ 4 አስወጡ።

«አሁንስ መጣ?» እያሉ እንቅልፍን መጠበቅ ያነቃል፤ ቁጥሩን ብቻ ተከተሉ። ቀን ልብስ ስትተኩሱም ተለማመዱት፣ ሌሊት አዲስ እንዳይሆንባችሁ። ደረቷን የሚያማት ወይም ተኝታ ትንፋሽ የሚያጥራት ካለች ግን ይሄ አይበቃትም፣ ሐኪም ይያት።