ከበግ እስከ ሳህን

(በቀየት በገበያ ቀን ምግብ ለሚሸጡና ለመሸጥ ለሚያስቡ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ በግ ሂሳብ ነው። በጉ ታርዶ ወጥ ሆኖ በገበያ ቀን ይሸጣል። ሻጯ ማታ ገንዘቧን ስትቆጥር አተረፈች ወይስ ከሰረች? ይህን በዓይን ማየት አይቻልም። በእርሳስና በደብተር ግን ይታያል።

የምንጠቅሳቸው ዋጋዎች ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው። የገበያ ዋጋ ይወጣል፣ ይወርዳል። እናንተ ቤታችሁ ስትገቡ የራሳችሁን ገበያ ዋጋ ጻፉበት። የሂሳቡ አካሄድ ግን አይለወጥም።

አንዲት ሴት እንውሰድ። 25 ኪሎ የሚመዝን የመንዝ በግ በ6000 ብር ገዛች። የመንዝ በግ ጸጉራምና ሰውነቱ አነስ ያለ መሆኑን ታውቃላችሁ። ሴትዮዋ እንዲህ ብላ አሰበች፦ "ከበጉ 10 ኪሎ ሥጋ አገኛለሁ። ከአንዱ ኪሎ ለ10 ሰው የሚሆን መቶ መቶ ግራም ይወጣል። ስለዚህ 100 ሳህን እሸጣለሁ። 6000 ብር ለ100 ሳህን ሲካፈል የአንዱ ሳህን ሥጋ 60 ብር ብቻ ነው።" ቅመሙንና ሽንኩርቱን በግምት ጨምራ አንዱን ሳህን በ150 ብር ለመሸጥ ወሰነች።

ማታ ድስቱ ሲያልቅ ግን የሸጠችው 100 ሳህን አልነበረም፤ 50 ብቻ ነበር። ሌላው 50 ሳህን የት ገባ? ሌባ ወሰደው? አይደለም። መንገዱን አብረን እንከተል።

በመጀመሪያ፣ 25 ኪሎ የነበረው በግ ሲታረድ ደሙ፣ ቆዳው፣ ጭንቅላቱ፣ እግሩ፣ ሆድ ዕቃውና በውስጡ ያለው ፈርስ ይወጣል። ከነአጥንቱ የሚቀረው ሥጋ 10 ኪሎ ያህል ነው። ከመሸጡ በፊት ውኃ ጠግቦ የጠጣ በግ ደግሞ ሲመዘን ከባድ፣ ሲታረድ ቀላል ይሆናል። ስለዚህ ሆዱን አይታችሁ አትግዙ፤ ጀርባውንና ላቱን በእጃችሁ ዳስሱ። እስከዚህ ድረስ ሴትዮዋ አልተሳሳተችም። 10 ኪሎውን በትክክል ገምታለች።

ስሕተቷ ከዚህ በኋላ ነው። ከ10 ኪሎው ውስጥ 3 ኪሎ ያህሉ አጥንትና ጅማት ነው። አጥንት መረቁን ያጣፍጣል፤ በሳህን ላይም ይወጣል። ነገር ግን በልተኛው ሥጋ ብሎ አይቆጥረውም። ስለዚህ ጥሬው ሥጋ 7 ኪሎ ሆነ።

ሥጋው ድስት ውስጥ ሲገባ እንደገና ይቀንሳል። ጥሬ ሥጋ አብዛኛው ውኃ ነው፤ ከአራት እጅ ሦስቱ እጅ ያህል። እሳት ሲያገኘው ሥጋው ይኮማተርና ውኃውን ይለቃል፤ ስቡም ይቀልጣል። ልክ እርጥብ ልብስ ሲጨመቅ እንደማለት ነው። 7 ኪሎ ጥሬ ሥጋ በደንብ ሲበስል 5 ኪሎ ያህል ይሆናል። ወጥ ሲሆን የተለቀቀው ውኃና ስብ መረቁ ውስጥ ስለሚቀር ጣዕሙ አይጠፋም። ጥብስ ሲሆን ግን ውኃው እንፋሎት ሆኖ ይሄዳል። በሁለቱም በኩል በሳህን ላይ የሚቆጠረው ሥጋ ቀንሷል።

እንግዲህ 5 ኪሎ የበሰለ ሥጋ በመቶ ግራም ሲካፈል 50 ሳህን ይወጣዋል። የጠፋው 50 ሳህን አጥንት፣ ጅማትና ውኃ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ አንድ ደንብ እናገኛለን። ዋጋውን ለገዛነው ሳይሆን ሳህን ላይ ለሚቀርበው እናካፍለዋለን። ሴትዮዋ ጉበቱንና ጨጓራውን ዱለት አድርጋ ሸጣ፣ ወጪዋን ቀንሳ 600 ብር አግኝታለች። ይህን ከ6000 ስንቀንስ የሥጋው ወጪ 5400 ብር ነው። ለ5 ኪሎው ስናካፍለው አንዱ ኪሎ የበሰለ ሥጋ 1080 ብር ያወጣል። መቶ ግራሙ 108 ብር ይሆናል። እርሷ ግን 60 ብር ብላ ነበር! ቆዳውን ያልቆጠርነው ዛሬ በብዙ ቦታ ዋጋው ስለወደቀ ነው። የሚገዛችሁ ካገኛችሁ ያንንም ቀንሱ።

ቅቤም እንዲሁ ነው። 1 ኪሎ ለጋ ቅቤ በ800 ብር ተገዝቶ ሲነጠር ውኃው ይተንናል፣ ዝቃጩም ይቀራል። 800 ግራም ያህል ንጥር ቅቤ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ንጥር ቅቤ የሚያወጣው 1000 ብር እንጂ 800 ብር አይደለም። ሽንኩርትም ተልጦ ሲቁላላ ከግማሽ በታች ይወርዳል። የወጡን ብዛት በጥሬው ሽንኩርት የሚገምት ሰው እንግዳ ፊት ያፍራል።

አሁን ወረቀቱን እንሥራ። በደብተራችሁ አንድ ገጽ ላይ የገባውን ሁሉ ከላይ ወደ ታች ጻፉ። ለ50 ሳህን እንዲህ ይሆናል፦

ሥጋ (የዱለቱ ገንዘብ ተቀንሶ) — 5400 ብር
ሽንኩርት 6 ኪሎ፣ አንዱ በ60 ብር — 360 ብር
በርበሬ 1 ኪሎ — 500 ብር
ለጋ ቅቤ 1 ኪሎ — 800 ብር
ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቅመም፣ ጨው — 240 ብር
እንጨት — 300 ብር
እንጀራ 100፣ አንዱ በ20 ብር — 2000 ብር
ላረደና ለረዳ ሰው — 400 ብር
ድምር — 10000 ብር

10000 ብር ለ50 ሲካፈል የአንድ ሳህን ወጪ 200 ብር ነው። ሴትዮዋ ግን በ150 ብር ሸጣለች። በእያንዳንዱ ሳህን 50 ብር፣ በጠቅላላው 2500 ብር ከስራለች።

ታዲያ ለምን አልታወቃትም? ይህን ልብ በሉ። ማታ ገንዘቧን ስትቆጥር ከወጡ 7500፣ ከዱለቱ 600፣ በድምሩ 8100 ብር አገኘች። ከኪሷ ያወጣችው ለበጉ 6000፣ ለሽንኩርት፣ ለቅመምና ለእንጨት 900፣ ለረዳቶቿ 400፣ በድምሩ 7300 ብር ነው። "800 ብር አተረፍኩ" ብላ ደስ እያላት ተኛች። በርበሬው፣ ቅቤውና የእንጀራው እህል ከጓዳዋ የወጡ ናቸው። ገንዘብ ስላልከፈለችባቸው አልቆጠረቻቸውም። የሦስቱ ዋጋ 3300 ብር ነው። 800 ብር አገኘሁ ስትል 3300 ብር ከጎተራዋና ከቅሏ ወጥቷል።

ከቤት የመጣ ነገር በነጻ የመጣ አይደለም። ገበያ ወስዳችሁት ቢሆን ኖሮ በሚሸጥበት ዋጋ ጻፉት። የራሳችሁን ድካም እዚህ አልጨመርንም። እርሱ ከትርፉ የሚከፈል ነው። ትርፍ ከሌለ ቀኑን ሙሉ ጭስ ውስጥ የዋላችሁት በነጻ ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ዋጋው ስንት ይሁን? 250 ብር እንበል። ወጪው 200፣ ትርፉ 50 ብር ነው። አንዳንዱ ሰው "ሩቡን አተረፍኩ" ይላል። 50 ብር የወጪው ሩብ ነው፤ እውነት ነው። ገዢው ከሚከፍለው 250 ብር ውስጥ ግን አንድ አምስተኛው ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ 5 ብር ውስጥ 4ቱ ብር የወጪ፣ 1ዱ ብር የእናንተ ነው። ማታ የተሰበሰበውን ገንዘብ ይዛችሁ ሩቡ የኔ ነው ብላችሁ ካጠፋችሁ ለሚቀጥለው በግ መግዣ ይጎድላችኋል።

ሌላም ነገር አለ። 10000 ብሩን ለመመለስ በ250 ብር ስንት ሳህን መሸጥ አለበት? 40 ሳህን። ትርፉ ያለው በመጨረሻዎቹ 10 ሳህኖች ነው። 8 ሳህን ሳይሸጥ ቢያድር 2500 ብር የነበረው ትርፍ 500 ብር ይሆናል። ገበያው ሐሙስ ከዋለ ማግስቱ ዓርብ ጾም ነው፤ የተረፈውን የሥጋ ወጥ የሚገዛ የለም። ስለዚህ ከመታረዱ በፊት ባለፉት ገበያዎች ስንት ሳህን እንደተሸጠ ደብተሩን እዩ። 40 ሰው የማይመጣ ከሆነ ከጎረቤት ጋር በጉን ለሁለት ተካፈሉ፤ ወይም ሥጋ በኪሎ ግዙ።

ጭልፋውም ትርፍ ይበላል። ልጅቷ ለዘመድ እጇ እየተፈታ መቶ ግራም በማለት ፈንታ 125 ግራም ብትጨልፍ 5 ኪሎው ለ40 ሳህን ብቻ ይበቃል። ከ2500 ብሩ ትርፍ የሚቀረው 20 እንጀራ ብቻ ነው። ሚዛን የሌለው ሰው ምን ያድርግ? አንድ ጊዜ ሚዛን ካለው ነጋዴ ዘንድ ሄዶ የበሰለ ሥጋ መቶ ግራም ያስመዝን። ስንት ቁራጭ እንደሆነ ቆጥሮ ይያዝ። ከዚያ በኋላ በአንድ ጭልፋና በቁራጭ ቁጥር ያውጣ። ሥጋውም እኩል እኩል ይከተፍ። ለዘመድ ማብላት ከፈለጋችሁ አብሉ፤ ነገር ግን የበላው ሳህን በደብተሩ ላይ ይጻፍ።

በመጨረሻም ወረቀቱ አንዴ ተሠርቶ የሚቀመጥ አይደለም። በግ ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ይወደዳል፤ በሁዳዴ ይረክሳል። በጉ ከ6000 ወደ 7500 ብር ቢወጣ የጨመረው 1500 ብር ለ50 ሳህን ይካፈላል። የሳህኑ ወጪ በ30 ብር አድጎ 230 ይሆናል። በድሮው 250 ብር የሚሸጥ ሰው ከሳህኑ 20 ብር ብቻ ያገኛል። ያው 50 ብር እንዲቀረው 280 ብር መጠየቅ አለበት። ገዢው 280 አልከፍልም ቢል ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ሥጋውን አሳንሶ ድንች መጨመር ነው፤ ይህም ለገዢው በግልጽ ተነግሮት፣ ሂሳቡም እንደገና ተሠርቶ ነው። ሁለተኛው ያን ቀን ሥጋ ትቶ ሽሮ መሸጥ ነው። ሽሮ ትርፉ ትንሽ ቢመስልም አጥንት የለውም፤ ረቡዕና ዓርብም ይሸጣል።

አሁን እርሳሳችሁን አንሡ። ይህን በራሳችሁ ሥሩ፦

1. በርበሬ ከ500 ብር ወደ 750 ብር ቢወጣ፣ የሌላው ዋጋ እንዳለ ሆኖ፣ የአንድ ሳህን ወጪ ስንት ይሆናል?

2. ከ10 ኪሎ ሥጋ አጥንቱ 4 ኪሎ ሆኖ ጥሬው ሥጋ 6 ኪሎ ቢሆን፣ 50 ሳህን ይወጣል ወይስ አይወጣም? ለምን?

3. ባለፈው ገበያ ከጓዳችሁ አውጥታችሁ ሳትቆጥሩት የቀራችሁ ነገር ምንድን ነው? ዋጋውን ጻፉ።

የመጀመሪያው መልስ 205 ብር ነው። የሁለተኛውን እርስ በርሳችሁ ተነጋገሩበት። የሦስተኛውን መልስ የምታውቀው ጓዳችሁ ብቻ ናት።