መንገድ ላይ ስንበላ፦ ከእሳት በኋላ የሚጨመረውን እንጠንቀቅ

ለሕክምናም ሆነ ለሌላ ጉዳይ የመንገድ ፈቃድ አውጥታችሁ ከካኩማ ወደ ናይሮቢ የምትሄዱ ብዙዎች ናችሁ። መንገዱ ረጅም ስለሆነ ሳይበሉና ሳይጠጡ መድረስ አይቻልም። በዛሬው የጤና ትምህርታችን በመንገድ ላይ ከሚሸጥ ምግብና ከማናውቀው ውሃ የሚመጣውን ተቅማጥ እንዴት እንደምንከላከል እንነጋገራለን።

በራሴ ላይ ከደረሰው ልጀምር። አክስቴ ለከፍተኛ ሕክምና ወደ ናይሮቢ ስትላክ አስተርጓሚዋ ሆኜ አብሬያት ሄድኩ። አውቶቡሱ ኪታሌ ላይ ሲቆም ርቦን ስለነበር ከአንድ ሻጭ የተቀቀለ እንቁላል ገዛን። ሻጩ የእኔን ልጦ በቢላዋ ከፈለና መሀሉን በካቹምባሪ ሞላልኝ። ካቹምባሪ በጥሬው የተከተፈ ቲማቲምና ሽንኩርት ነው። አክስቴ ግን «የእኔ ላይ ሽንኩርት እንዳያደርግ ንገሪው፤ ጨጓራዬን ያቃጥለኛል። ቅርፊቱንም ራሴ እልጠዋለሁ» አለችኝ። የጠጣነው ውሃ አንድ ነው፤ እንቁላሉም ከአንድ ድስት የወጣ ነው። በማግስቱ ሌሊት ቁርጠትና እንደ ውሃ የቀጠነ ተቅማጥ የያዘኝ ግን እኔን ብቻ ነው። ጠዋት ለመነሳት አቃተኝ። ስዋሂሊ የማትችለው አክስቴም ቀጠሮዋ አለፋት። ሌላ ቀጠሮ እስክታገኝ ሁለት ወር ጠበቀች።

የነርስነት ዲፕሎማ ይዤ የተሳሳትኩት ምኑ ላይ ነው? እንቁላሉ በደንብ ስለተቀቀለ በውስጡ የነበረው ጀርም ሞቷል። ካቹምባሪው ግን እሳት አላየም። ሻጩ ገንዘብ በተቀበለበት እጁ ይከትፈዋል፤ ቢላዋውን ቀኑን ሙሉ በአንድ ባልዲ ውሃ ያለቀልቃል፤ የተከተፈውም ፀሐይ ላይ ይውላል። ተቅማጥ የሚያመጡ ጀርሞች ከሰው ዓይነ ምድር በእጅና በውሃ ወደ ምግብ ይሻገራሉ፤ በሙቀት ደግሞ በፍጥነት ይራባሉ። ሽታውም ጣዕሙም ስለማይለወጥ በማየት አናውቀውም። ሕመሙም ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሆነ ያሳመመንን ምግብ ረስተነው እንገኛለን።

ስለዚህ ምግብ ስትገዙ «ከእሳት ከወጣ በኋላ ምን ነካው?» ብላችሁ ጠይቁ። ዓይናችሁ እያየ ከመጥበሻው የወጣ ትኩስ ቻፓቲ፣ ከፍም ላይ የተነሳ በቆሎ፣ ራሳችሁ የላጣችሁት እንቁላል ወይም ሙዝ ይሻላል። ጠዋት ተሠርቶ የቀዘቀዘ ሥጋ፣ ተቆርጦ የተደረደረ ሐብሐብና ካቹምባሪ ይቅርባችሁ። እናንተም ከመላጣችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ለዚህ ቁራጭ ሳሙና በፌስታል ይዛችሁ ውጡ።

ወደ ውሃው እንምጣ። ከካምፑ ቧንቧ የተቀዳ ውሃ በንጹሕ፣ ክዳን ባለው ጀሪካን ይዛችሁ ተነሡ። ሲያልቅ የታሸገ ውሃ ግዙ፤ የክዳኑ ማሸጊያ ቀለበት ስትከፍቱት ካልተበጠሰ ግን ሰው ከቧንቧ የሞላው ሊሆን ስለሚችል አትጠጡት። በረዶ የተጨመረበት ጭማቂም ያልፈላ ውሃ ማለት ነው። የፈላ ሻይ ግን ጥሩ ነው። ያረፋችሁበት ቤት ስትደርሱ የመጠጥ ውሃውን አፍሉት፤ መንፈቅፈቅ ከጀመረ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃል። በክሎሪን ከሆነ ደግሞ የደፈረሰውን መጀመሪያ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉ፤ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ተቅማጥ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ማለትም ኦ አር ኤስ፣ በቦርሳችሁ ያዙ። አንዳንዱ ከረጢት ለ1 ሊትር፣ አንዳንዱ ለግማሽ ሊትር ስለሆነ ጽሑፉን አንብቡ። ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ፤ ማንኪያው ልክ እስከ ጠርዙ ይሁን። በየተቀመጣችሁ ቁጥር ጠጡ። ካስመለሳችሁ 10 ደቂቃ ቆይታችሁ ቀስ እያላችሁ ቀጥሉ። ጡት የሚጠባ ሕፃን ጡቱ አይቋረጥበት። በመንገድ ላይ የሚሸጥ ቴትራሳይክሊን ገዝታችሁ አትዋጡ፤ ለሕፃናትም ተቅማጥ የሚያቆም ክኒን አትስጡ።

ሰገራው ደም ካለው፣ ኃይለኛ ትኩሳት ካለ፣ ሽንት ከቀረ፣ ዓይን ከሰረጎደ ወይም ሕፃኑ መጠጣት ካቃተው በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ ሂዱ። የሩዝ ውሃ የመሰለ ብዙ ተቅማጥ ኮሌራ ሊሆን ይችላልና ሰዓት አትፍጁ፤ እየጠጣችሁ ሂዱ።

አክስቴ ዛሬም ስታየኝ «አንቺ ነርስ፣ ሽንኩርት አማረሽ?» እያለች ትስቅብኛለች።