«ዘግይተናል» ስንል ምን እንጻፍ?
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ከመካከላችን ዳቦ ጋግረን፣ ምግብ ሠርተን በሞተር የምናደርስ አለን። በበዓል ዋዜማ ትዕዛዝ ሲዘገይ በቴሌግራም ቻናላችን ላይ በፎቶ ሥር የምንለጥፈው የይቅርታ ጽሑፍ አለ። ብዙ ጊዜ «በሥራ መብዛት ምክንያት ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» ይላል። ይህ ጽሑፍ ዳቦው ስንት ሰዓት እንደሚደርስ አይናገርም። «የተፈጠረው» ሲልም መጉላላቱን ማንም ያልፈጠረው ያስመስለዋል። ዛሬ ጽሑፉን ከሒሳብ መዝገቡ ጋር አያይዘን እንየው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከሰንጋ ተራ የምታደርስ አንዲት ነጋዴ ለፋሲካ 54 ድፎ ዳቦ ታዘዘች እንበል። የማድረሻው ቀን ቀዳም ሥዑር፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ነው። ሁለት ሞተረኞች አሏት፤ አንዱ በአንድ ጉዞ ሦስት ዳቦ ይይዛል። በአዘቦት ቀን ጉዞው አንድ ሰዓት ስለሚፈጅ ሁለቱ በዘጠኝ ሰዓት 54ቱን ያደርሳሉ። በዋዜማ ግን መንገዱ ይጨናነቃል፤ ጉዞው አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ።

መዘግየቱ ማታ ሳይሆን ቀትር ላይ ይታወቃል። 6 ሰዓት ላይ 18 ዳቦ መድረስ ሲገባው የደረሰው 12 ብቻ ነው። 42 ቀርቷል። እስከ 12 ሰዓት እያንዳንዱ ሞተረኛ አራት ጉዞ ስለሚሄድ 24 ይደርሳል፤ 18 ደንበኛ ይዘገያል። እነዚያን ለመጨረስ ሌላ አራት ሰዓት ተኩል ያስፈልጋል፤ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ደንበኛዋ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ በሩን የሚከፍት ላይኖር ይችላል። ጾሙ ሲፈታ ዳቦው ገበታ ላይ ከሌለ ደግሞ በማግስቱ መድረሱ ብዙም አይጠቅማትም። ስለዚህ ይቅርታው ቀትር ላይ፣ ሌላ ዳቦ መግዛት እየተቻለ መድረስ አለበት።

የሚላከውም ለ18ቱ ለየብቻ ነው። ቻናሉ ላይ ብንለጥፈው በሰዓቱ የሚደርሳቸው 24 ደንበኞችም ይደናገጣሉ። ቻናሉ ላይ «የዛሬ ትዕዛዝ ተዘግቷል» ማለት ይበቃል። ለ18ቱ እንዲህ እንጽፋለን፦

«ወ/ሮ … ለዛሬ 12 ሰዓት ያዘዙትን ድፎ ዳቦ አዘግይተናል፤ ይቅርታ ያድርጉልን። ዳቦው ተጋግሮ ተዘጋጅቷል። ከ9 ሰዓት ጀምሮ ሰንጋ ተራ መጥተው መውሰድ ይችላሉ፤ የማድረሻ 150 ብር አይከፍሉም። ወይም እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ቤትዎ እናደርሳለን፤ የሚቀበለን ሰው ስልክ ይላኩልን። ካልተመቸዎት የከፈሉትን 600 ብር ዛሬውኑ በቴሌብር እንመልሳለን። እስከ 8 ሰዓት የመረጡትን ይንገሩን።»

ስሌቱ 4 ሰዓት ተኩል ቢልም 5 ሰዓት ብለናል፤ ሁለተኛ መዘግየት ይቅርታውን ያፈርሰዋልና። ራስዎ ይውሰዱ ያልነውም ሜክሲኮና ልደታ ላሉት ቅርብ ስለሆነ ነው። ስድስት ሰው መጥቶ ከወሰደ 12 ብቻ ይቀራል፤ ሥራውም ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ያልቃል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የዳቦው ዋጋ 1,200 ብር፣ ቅድሚያ የተከፈለው ግማሹ ነው እንበል። የ18ቱ ቅድሚያ 10,800 ብር ይሆናል። ዳቦው እስኪደርስ ድረስ ይህ ብር ገቢ ሳይሆን የደንበኛ ዕዳ ነው። በዓል ሲደርስ ግን ብሩ ዱቄትና እንቁላል ሆኖ ያልቃል። «ዛሬውኑ እንመልሳለን» ብለን ከመጻፋችን በፊት የቴሌብር ሒሳባችንን እንይ። በእጃችን የሌለውን አንጻፍ።

«ቀብድ» የሚለውን ቃልም እንጠንቀቅ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1885 እንደሚለው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ቢያፈርስ ደግሞ እጥፍ ይመልሳል። ደረሰኛችን «ቀብድ» ካለና በይቅርታው «ትዕዛዝዎን ሰርዘናል» ብለን ከጻፍን፣ 600 ብር ሳይሆን 1,200 ልንጠየቅ እንችላለን። ስለዚህ ደረሰኝ ላይ «ቅድሚያ ክፍያ» እንበል፤ ካልተሳካ እንደሚመለስም እዚያው እንጻፍ። በይቅርታውም መሰረዙን ለደንበኛዋ ምርጫ እንተወው።

በመጨረሻ፣ የተመለሰውን ብርና የቀረውን የማድረሻ ክፍያ በዚያው ዕለት እንመዝግብ። 18ቱም ራሳቸው መጥተው ቢወስዱ የሚቀርብን 2,700 ብር ነው። በቀጣዩ በዓል ስንት ትዕዛዝ መቀበል እንዳለብንም ይኸው መዝገብ ይነግረናል፤ በሁለት ሞተረኛ ለዋዜማ 36 እንጂ 54 አይደለም።