ጥላ የሌለው ኩሽና

ራሔል፦ ዳዊት፣ በኤአይ የሚሠሩት የኩሽና ምስሎች ለምንድን ነው ካታሎግ የሚመስሉት?

ዳዊት፦ «ብሩህ ኩሽና» ብለን ስለምናዝ ነዋ! ሁሉም ጥግ እኩል ይበራና ጥላ ይጠፋል። እኔ ከመስኮቱ ነው የምጀምረው፦ «ከግራ መስኮት የሚገባ ለስላሳ የጠዋት ብርሃን፤ ጥላው ወደ ቀኝ የሚወድቅ»።

ራሔል፦ የጣሪያው መብራትስ?

ዳዊት፦ «ደብዘዝ ያለ» እለዋለሁ፤ ጥላውን እንዳይበላው። ቀጥሎ ከላይኛው ቁምሳጥን ሥር ወጥቶ መክተፊያው ላይ የሚያርፍ ጠንከር ያለ ቢጫማ መብራት። የመስታወት መደርደሪያው ውስጥ ደግሞ ትንሽዬ ጭላንጭል፤ እሷ ብትቀርም አልሞት።

ራሔል፦ «3000 ኬልቪን» ብዬ ብጽፍስ?

ዳዊት፦ ፍንጭ ይሆነዋል እንጂ አይለካልሽም። «ከመስኮቱ ብርሃን ይልቅ ቢጫማ» ብትይው ይሻላል። ምስሉ ሲወጣ የአንዱን ዕቃ፣ ለምሳሌ የማንቆርቆሪያ፣ ጥላ እዪ፤ ወደ መስኮቱ ከወደቀ የጣሪያውን መብራት ከትእዛዙ አውጥተሽ ድገሚው።