ከመቁጠር በፊት መዘርዘር

ዛሬ ደብተርና እርሳስ ይዘን እንቀመጥ። አንድ ቀይና አንድ ሰማያዊ ዳይስ ብንጥል፣ ድምሩ 7 የመሆን ዕድሉ ስንት ነው?

ብዙ ተማሪ 1ና 6፣ 2ና 5፣ 3ና 4 ብሎ ሦስት ጥንድ ይጽፋል። ሌሎቹንም ጥንዶች እንዲሁ ሲቆጥር በጠቅላላው 21 ያገኝና “ከ21 ሦስት” ይላል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ቀዩ 3፣ ሰማያዊው 4 ሊሆን ይችላል፤ በተቃራኒውም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም 3 የሚሆኑት ግን በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ስለዚህ 21ዱ ጥንዶች እኩል ዕድል የላቸውም።

ስድስት በስድስት ሰንጠረዥ እናስምር። ከ36ቱ ሳጥኖች 7 የሚሰጡት 6 ናቸው፤ ዕድሉ ከስድስት አንድ ነው።

አሁን ደግሞ ከ1 እስከ 6 ቁጥር ካላቸው ስድስት ካርታዎች ሁለት እንሳብ፤ የመጀመሪያውን ግን አንመልሰው። አንድ ካርታ ሁለቴ ስለማይወጣ፣ በሰንጠረዡ ላይ በሰያፍ የተሰለፉትን 6 ሳጥኖች እንሰርዛለን። 30 ይቀራሉ። 7 የሚሰጡት ግን ያው 6 ናቸው፤ ዕድሉ ከአምስት አንድ ሆነ።

የምንፈልጋቸው ውጤቶች ቁጥር አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጠቅላላው ነው። ይህን ያሳየን በእጃችን ያሰመርነው ሰንጠረዥ ነው።