በፎቶግራፍ ግርጌ ስለሚጻፍ የዋጋ ጭማሪ ማስታወቂያ



ከመካከላችን የራሳችንን ትንሽ ወርክሾፕ ከፍተን የምንሠራ አለን። የሠራነውን ዕቃ ፎቶግራፍ አንሥተን፣ ከሥሩ ጥቂት መሥመር ጽፈን በቴሌግራም ቻናል እንሸጣለን። ዛሬ የምናገረው ዋጋ በሚጨምርበት ቀን በእነዚያ መሥመሮች ላይ ምን መጻፍ እንደሚገባ ነው። ምሳሌውን የምወስደውም ከራሴ ስሕተት ነው።

የምንሠራው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። የዘወትር ደንበኞቻችን እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናቶች ናቸው፤ ሸክላው ሲሰነጠቅ ወይም ሬዚስታንሱ ሲቃጠል ወደ እኛ ይመለሳሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የእኛም ዕቃ አቅራቢዎች ዋጋ ጨመሩብን። በዚህ ጊዜ ከምጣዱ ፎቶግራፍ ሥር እንዲህ ስል ጻፍሁ፦ «በወቅታዊ ሁኔታ ምክንያት መጠነኛ የዋጋ ማስተካከያ አድርገናል፤ ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን።»

በሳምንቱ አንዲት የቆዩ ደንበኛችን ወርክሾፑ ድረስ መጡ። ስልካቸውን ከፍተው በ6,000 ብር የለጠፍነውን የቀድሞውን ፎቶግራፍ አሳዩኝና፣ «ልጄ፣ ሁሉም ነገር እንደ ጨመረ መቼ አጣሁት? ግን ለእኔ ስንት፣ ለሌላው ስንት እንደምትሉ በምን ልወቅ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። «ማስተካከያ» የሚለው ቃል ጭማሪውን፣ «በውስጥ መስመር» የሚለው ደግሞ ዋጋውን ይሸሽግ ነበር። ሴትዮዋን ያስቀየማቸው ይህ መሸሸግ እንጂ ጭማሪው አልነበረም።

በዚያው ማታ ስሌቱን በወረቀት ላይ አሰፈርሁ። ከ6,000 ብሩ ውስጥ ከውጭ ለሚመጡት ሬዚስታንስ፣ ላሜራና ገመድ 1,800 ብር፣ ለሸክላ፣ ለደመወዝ፣ ለኪራይና ለማጓጓዣ 3,200 ብር እናወጣ ነበር፤ የቀረው 1,000 ብር ትርፋችን ነበር። ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ወደ 2,700 ብር፣ የአገር ውስጡ ወጪ ወደ 3,500 ብር ወጣ። ስለዚህ እውነተኛው ጭማሪ 1,200 ብር፣ ማለትም ከመቶ 20 ሆነ። አንድ ወዳጄ «ዶላሩ እጥፍ ሊሆን ነውና 9,000 በለው» ብሎ መክሮኝ ነበር። ነገር ግን ዶላሩ የሚነካው የዋጋውን አንድ ክፍል ብቻ ስለሆነ፣ ሙሉውን ዋጋ በዶላር ልክ ማሳደግ ምክንያቱን ሐሰት ያደርገዋል።

ከዚህ በኋላ ጳጉሜን 1 ቀን የሚከተለውን አወጣን፦

«ከመስከረም 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የአንድ ምጣድ ዋጋ ከ6,000 ብር ወደ 7,200 ብር ይጨምራል። ከውጭ የሚመጣው ዕቃ 900 ብር፣ የአገር ውስጥ ወጪ 300 ብር ጨምሮብናል፤ ትርፋችን አልጨመረም። እስከዚያ ቀን ቀብድ የከፈለ ሁሉ በቀድሞው ዋጋ ይረከባል። በእጃችን ያለው ሬዚስታንስ እስኪያልቅ የጥገና ዋጋ አይለወጥም።»

ቁጥሩና ቀኑ የገቡት በመጀመሪያው መሥመር ነው፤ ብዙ ሰው ከዚያ በታች አያነብምና። ስለ ጥገና የሰጠነውን ተስፋም በዕቃው ክምችት ወሰንነው። «ዳግመኛ አንጨምርም» ብለን ብንጽፍ ኖሮ በእጃችን የሌለውን ነገር ቃል መግባት ይሆንብን ነበር። ቀደም ሲል በውስጥ መስመር 7,200 ብር ከፍለው ለነበሩ ሁለት ሰዎችም ልዩነቱን መለስንላቸው።

የቀድሞዎቹን ፎቶግራፎች በተመለከተ፣ በግርጌያቸው ያለውን ዋጋ በዝምታ መለወጥ አይገባም። ሰዎች ፎቶግራፉን አስቀምጠውታል፤ ለሌላም አስተላልፈውታል። እኛ አሮጌውን ዋጋ ሳንፋቅ «ይህ ዋጋ እስከ መስከረም 14 ቀን የሚጸና ነው» የሚል መሥመር ጨመርንበት።

ደንበኛ መቅረቱንና አለመቅረቱን በአዲስ ምጣድ ሽያጭ ብቻ መለካት ያሳስታል፤ ጭማሪ በታወጀ ሰሞን ሽያጭ መቀዝቀዙ አይቀርምና። እኛ የተመለከትነው የጥገናውን መዝገብ ነበር። ጋጋሪዎቹ የተቃጠለ ምጣዳቸውን ማምጣታቸውን ከቀጠሉ አልተለዩንም ማለት ነው። ጥቂቶች ወደ ርካሽ ሻጭ ሄደዋል፤ የሚበዙት ግን መጥተዋል። ስልካቸውን ያሳዩኝ እናትም ሬዚስታንስ ሊያስለውጡ ተመልሰዋል።

በመጨረሻም አንድ ነገር ላስገንዝብ። ስሌቱን በአደባባይ የጻፈ ሰው በስሌቱ ይያዛል። ትርፉንም የጨመረ እንደ ሆነ ያንኑ ይጻፍ፤ በዶላር አያሳብብ። የላሜራው ዋጋ የወረደ ዕለትም ያው ደንበኛ ፎቶግራፉን ይዞ ይመጣልና፣ ዋጋ መቀነስንም አብረን መቀበል ይኖርብናል።