ሲሄዱ የሚይዝ፣ ሲቆሙ የሚለቅ የባት ሕመም



በሳሪስ የሚኖሩ አንድ የ58 ዓመት የመጋዘን ዘበኛ አሉ እንበል። ሲጋራ ካጨሱ 30 ዓመት ሆኗቸዋል። ወደ ሥራ ሲሄዱ አራተኛው የመብራት ምሰሶ ዘንድ ሲደርሱ ቀኝ ባታቸውን ጨምድዶ ይይዛቸዋል። ቆም ብለው ጥቂት ደቂቃ ሲያርፉ ይለቃቸዋል። ደግሞ ሲራመዱ፣ ያንኑ ያህል ሄደው ይይዛቸዋል። ሰው «ብርድ ነው፣ ሪህ ነው» ይላቸዋል። ነገሩ ግን ሌላ ሊሆን ይችላል።

ባት ሲሠራ ብዙ ደም ይፈልጋል። የሲጋራ ጢስና የስኳር በሽታ የደም ቅዳን ውስጠኛ ግድግዳ ይጎዳሉ፤ ስብ እየተጋገረበት መንገዱ ይጠብባል። ሲያርፉ ጥቂቱ ደም ይበቃል፤ ሲሄዱ ግን ያንሳል፣ ሕመሙም ይመጣል። ከጀርባ አጥንት የሚመጣ የእግር ሕመም ግን አብዛኛውን ጊዜ መቆም ብቻ አያስታግሰውም፤ ቁጭ ወይም ጎንበስ ማለት ይፈልጋል።

ታዲያ በምን ይታወቃል? ሰውየው በጀርባቸው ተኝተው ጥቂት ያርፋሉ። ከዚያ የደም ግፊታቸው በሁለቱም ክንድና በሁለቱም ቁርጭምጭሚት ይለካል። በእግር ላይ የደሙን ድምፅ የሚያሰማው ዶፕለር የሚባል ትንሽ መሣሪያ ነው። በየእግሩ ሁለት ደም ቅዳዎች ይለካሉ፤ ከፍተኛው ቁጥር ይወሰዳል። ከክንዶቹም ከፍተኛው ይያዛል። የእግሩ ቁጥር ለክንዱ ይካፈላል።

የዘበኛው ክንድ 140 ሆነ እንበል። ቀኝ እግራቸው በአንዱ ደም ቅዳ 84፣ በሌላው 91 ቢገኝ፣ 91 ለ140 ሲካፈል 0.65 ይሆናል። ጤናማው ከ1.00 እስከ 1.40 ነው። 0.90 እና ከዚያ በታች ከሆነ የእግር ደም ቅዳ ጠቧል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ስኳር ለብዙ ዓመት የቆየባቸው አንዲት እናት ክንዳቸው 130፣ ቁርጭምጭሚታቸው 195 ቢሆን፣ ውጤቱ 1.50 ነው። ይህ ጤና አይደለም። ደም ቅዳው በካልሲየም ደርቆ እንደ ቧንቧ ስለጠነከረ መለኪያው ሊጨብጠው አልቻለም። አንዳንዴም ጥበቱ እያለ ቁጥሩ ጤናማ ይመስላል። ስለዚህ የእግር ጣት ግፊት መለካት አለበት፤ የጣት ደም ቅዳ እምብዛም አይደርቅምና። ደግሞም ስኳር የእግርን ስሜት ስለሚያደነዝዝ፣ ሕመም ሳይሰማ ቁስል ቀድሞ ሊመጣ ይችላል።

ለዘበኛው ሐኪም ከሚያዝዘው መድኃኒት ጋር፣ ሲጋራውን ማቆምና እስኪያም ድረስ መራመድ፣ አርፎ ደግሞ መራመድ ይረዳቸዋል። ይህም በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን፣ ለ12 ሳምንት ያህል ነው። ተኝተው ሌሊት እግርዎን የሚያምዎት፣ የጣት ቁስል የማይድንልዎት፣ ወይም ጣትዎ የጠቆረ ከሆነ ግን ቀን ሳይቆጥሩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ያኔ የሚያሰጋው እግሩን ማጣት ነው።